ካርዱ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ስልኩ ገርጂ

ከተጠለፈ የጉግል አካውንት ላይ በሌባ እጅ የተከፈለ ሂሳብ ሁለት ተበዳይ አለው። አንዱ የአካውንቱ ባለቤት ነው፤ ሌላው የካርዱ። ከቦሌ እስከ አያት ባለው ሰፈር ደግሞ ብዙ ጊዜ ሁለቱ አንድ ሰው አይደሉም። ስልኩ እዚህ፣ ካርዱ አሜሪካ ያለች እህት ቦርሳ ውስጥ ነው።

የዛሬው ጉዳይም ይኸው ነው። ገርጂ ያለ ወጣት በቴሌግራም የመጣለትን የሥራ ማስታወቂያ ከፈተ፤ ጉግልን በሚመስል ገጽ ላይ ፓስወርዱንም፣ በስልኩ የመጣውን ኮድም አስገባ። ሥራው አልተገኘም። ሌሊቱን ሲልቨር ስፕሪንግ ያለችው እህቱ ካርድ ላይ GOOGLE * ብሎ የሚጀምር ስድስት ክፍያ ወጣ፤ የጌም ግዢ አራት ጊዜ 49.99 ዶላር፣ አንድ ሳምንታዊ ሰብስክሪፕሽን 9.99፣ አንድ ደግሞ 1.99። ጠቅላላው 211.94 ዶላር። የመጨረሻዋ 1.99 ቆይታ ታስፈልጋለች።

ከእህትየው የሚጠበቀው በባንኳ አፕ ካርዱን መቆለፍና ለባንኩ መደወል ነው። እዚህ ላይ ሰዓቱ የሚቆጠረው እንደ ካርዱ ዓይነት ነው። ካርዱ ዴቢት ከሆነ፣ ካርዱ ራሱ ሳይሰረቅ በቁጥሩ ብቻ የተቆረጠን ክፍያ ስቴትመንቱ ከተላከ በ60 ቀን ውስጥ ላሳወቀች ሴት የአሜሪካ ሕግ ኪሳራ አይጥልባትም፤ ከዚያ ስትዘገይ ግን በኋላ የሚቆረጠው ኪሳራ የራሷ ሊሆን ይችላል። ክሬዲት ከሆነ ጣሪያው በማንኛውም ሁኔታ 50 ዶላር ነው፤ ነገር ግን ሕጉ የሚሰጣትን የክርክር መብት ሙሉ በሙሉ ለመጠበቅ ስልክ መደወሉ አይበቃም። ክፍያው ያለበት የመጀመሪያው ስቴትመንት ከተላከ በ60 ቀን ውስጥ ባንኩ ለሂሳብ ቅሬታ በመደበው አድራሻ በጽሑፍ መድረስ አለበት።

ባንኩ «ካርድሽን ለሌላ ሰው ሰጥተሻል?» ብሎ ይጠይቃል። ብዙ እህቶች እዚህ ጋ ይደነግጡና «ኧረ በጭራሽ!» ይላሉ። ውሸቱ ጉዳዩን ያበላሸዋል፤ ወንድምየው ለወራት በዚያው ካርድ ሲከፍል እንደነበር መዝገቡ ያሳያልና። እውነቱ ግን አይጎዳም። ወንድም ፈቃድ ነበረው፤ ሌባው አልነበረውም። «ካርዱ ወንድሜ አካውንት ላይ ነበር፣ አካውንቱ በዚህ ቀን ተጠለፈ» የሚለው አጭር ዓረፍተ ነገር ይበቃል።

በዚያው ሰዓት ገርጂ ያለው ሰው ሌባውን ማስወጣት አለበት። ከማስወጣቱ በፊት ግን ስክሪንሹት ያነሣል፦ ግዢዎቹን፣ GPA. ብሎ የሚጀምረውን የትእዛዝ ቁጥር፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ myaccount.google.com ውስጥ የተዘረዘሩትን ስልኮችና ኮምፒውተሮች። እዚያ የማያውቀው መሣሪያ፣ ከማያውቀው ከተማ የገባ ካለ ዋናው ማስረጃው እሱ ነው። ከዚያ ፓስወርዱን ይቀይራል፣ እንግዳውን መሣሪያ ያስወጣል፣ ማስመለሻ ተብሎ የተመዘገበው ስልክና ኢሜይል የራሱ መሆኑን ያያል። ብዙዎች የሚረሱት የጂሜይል ፊልተር ነው። ሌባ ከጉግል የሚመጣ ደረሰኝ በቀጥታ እንዲሰረዝ የሚያደርግ ፊልተር አስቀምጦ ይሄዳል፤ ፓስወርድ ቢቀየርም ፊልተሩ አይነሣም። ሰውየው ደረሰኝ ስላልመጣ ሁሉ ሰላም ይመስለዋል።

ሰብስክሪፕሽኑ ደግሞ አፑን ከስልክ በማጥፋት አይቆምም፤ play.google.com/store/account/subscriptions ላይ ገብቶ መሰረዝ ያስፈልጋል።

ስለ አገር ውስጥ ባንክ የዶላር ካርድ እዚህ ጋ ካልተነሣ ሆድ ውስጥ ይቀራል። የአሜሪካ ሕግ እዚህ አይሠራም፤ የቪዛ ደንብ ግን ይሠራል። አውጪው ባንክ በማጭበርበር የተቆረጠን ገንዘብ በ120 ቀን ውስጥ በቪዛ በኩል መከራከር ይችላል፤ የሚከራከረውም ባንኩ እንጂ ደንበኛው አይደለም። በቦሌ መንገድ ላይ ያለ፣ ስሙ ባይነሣ የሚሻል አንድ ቅርንጫፍ ግን በዚሁ ጉዳይ ለመጣ ሰው ፎርም ሰጠ፣ «የነጋዴው ስም» በሚለው ቦታ ላይ «ጉግል» ተብሎ ተሞላ፣ ሠራተኛዋ አነበበችና በፍጹም ትሕትና «ቢሮአቸው የት ነው? ሄደው ቢያነጋግሯቸው አይሻልም?» አለች። ማውንቴን ቪው በየትኛው ታክሲ እንደሚኬድ አልተነገረም። የልጅቷ ጥፋት አይደለም፤ ያላስተማራት ሰው ጥፋት ነው። ሦስተኛው ቀጠሮ ላይ ኃላፊው ዕረፍት ወጥቷል ተባለ፣ 120ው ቀን ግን ዕረፍት አይወጣም። እንዲህ ዓይነት ባለጉዳይ «የቪዛ ዲስፒዩት ይከፈትልኝ» በሚል ቃል ማመልከቻ ጽፎ፣ ቀን ያለበት ማኅተም የተመታበት ቅጂ ይዞ ቢወጣ ይሻለዋል። በቃል የተነገረ ቅሬታ ቀን የለውም።

ወደ ገርጂ እንመለስ። ባንክ ከመክሰሱ በፊት ጉግል ራሱ ይጠየቃል፤ ያልተፈቀደ ክፍያን ማመልከቻ ፎርም አለው፣ ክፍያው ከተፈጸመ በ120 ቀን ውስጥ ይቀበላል። ይህ መንገድ የሚቀድምበት ምክንያት አለ። ባንኩ በግድ ገንዘቡን ሲያስመልስ ሻጩ የተከፈለበትን አካውንት ሊዘጋ ይችላል፤ በጉግል ሲሆን ደግሞ የአሥር ዓመት ፎቶና ኢሜይል የተቀመጠበት አካውንት አብሮ አደጋ ላይ ይወድቃል። ጉግል እምቢ ካለ ወይም ከዘገየ ባንኩ ይቀጥላል፤ የባንኩ ቀነ ገደብ ግን ጉግልን ስለጠበቁ አይራዘምም።

ክርክሩ የሚሸነፍበት የታወቀ በር አለ። ቪዛ ከ2023 ጀምሮ ባጠበቀው ደንብ፣ ሻጩ ከ120 እስከ 365 ቀን ዕድሜ ያላቸው፣ ቅሬታ ያልቀረበባቸው ሁለት የድሮ ክፍያዎችን አምጥቶ፣ ከተከራከሩበት ክፍያ ጋር በአይፒ አድራሻ ወይም በመሣሪያ እንዲሁም ለምሳሌ በአካውንት ስም እንደሚመሳሰሉ ካሳየ ክርክሩን ያሸንፋል። «ያው ደንበኛ ነው» ማለቱ ነው። ሌባው ከሩቅ አገር በራሱ ኮምፒውተር ከገባ አይመሳሰልም፤ መሣሪያዎቹ የተዘረዘሩበት ስክሪንሹት የሚጠቅመው ለዚህ ነው። ስልኩ ራሱ ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ ተነጥቆ በዚያው ስልክ ከተገዛ ግን ይመሳሰላል፤ ያን ጊዜ ስልኩ የተነጠቀበት ሰዓት፣ የፖሊስ ማስረጃና ሲሙ የተዘጋበት ቀን ካልቀረቡ መከራከሩ ከባድ ነው።

አዲስ ካርድ መውጣቱም ሁሉን አይዘጋም። ቪዛና ማስተርካርድ ተከታታይ ክፍያ እንዳይቋረጥ ብለው የተቀየረውን የካርድ ቁጥር ለሻጮች የሚያስተላልፉበት አገልግሎት አላቸው። ለደንበኛ ምቾት የተሠራ ነው፤ ለሌባም ይመቻል። ስለዚህ ሰብስክሪፕሽኑ ሳይሰረዝ የተቀየረ ካርድ በሚቀጥለው ሳምንት 9.99 ሊቆረጥበት ይችላል። እህትየው አዲሱ ቁጥር ለሻጮች እንዳይተላለፍ ባንኩን መጠየቅ፣ ወንድምየውም አሮጌውን ካርድ ከአካውንቱ ላይ ማንሣት አለባቸው። ከዚህ በኋላ የመግቢያ ኮድ በኤስኤምኤስ ከሚመጣ በአውተንቲኬተር አፕ ቢሆን ሲም ሲነጠቅ ያድናል፤ ሐሰተኛ ገጽ ላይ ከተጻፈ ግን እሱም ይሰረቃል። በሐሰተኛ ገጽ የማይሸወደው ፓስኪ ነው።

አሁን ወደ 1.99። እህትየው ተናድዳ ስድስቱንም «አላውቃቸውም» ልትል ነበር። ነገር ግን 1.99ዋ ልጁ ዓምና ራሱ የገዛት የፎቶ ማስቀመጫ፣ የጉግል ዋን ወርኃዊ ክፍያ ናት። እሷን ጨምሮ መክሰስ ሻጩ «ይኸው፣ የራሳቸውን ግዢ ይክዳሉ» እንዲል በር ይከፍታል፣ የቀሩትን አምስቱንም ያጠራጥራል። ክርክሩ የ209.95 ዶላር ነው። 1.99ዋን ልጁ ይክፈል።