አንድ ጊዜ ብቻ የሚሰማው

በጎተ ኢንስቲትዩት የሚሰጠው የጀርመንኛ ቢ1 ፈተና አራት ክፍሎች አሉት፦ ማንበብ፣ ማዳመጥ፣ መጻፍና መናገር። እያንዳንዱ ከ100 ይታረማል፣ ማለፊያው 60 ነው። በንባብ 90 ብታመጡ የማዳመጥን 50 አይሸፍንላችሁም። የአሥራ ሁለት ሳምንት ዕቅዴን ያወጣሁት ከዚህ ተነስቼ ነው። አንድ የጀርመን ቀጣሪ የሙያ ሥልጠና ቦታ ሊሰጠኝ ተስማምቶ የቢ1 ወረቀቱን እስከ ነሐሴ እየጠበቀ ነበር። ወሩ ግንቦት፣ ሥራዬ ደግሞ ከጠዋት እስከ ማታ ሒሳብ መዝጋት።

የመጀመሪያው ቅዳሜ ምንም አላጠናሁም። ከተቋሙ ድረ ገጽ ላይ በነፃ የሚገኘውን የናሙና ፈተና አውርጄ ሰዓት ይዤ ተፈተንኩ። ንባብ 65 ደቂቃ፣ ማዳመጥ 40 ገደማ፣ ጽሑፍ 60። ከ30 ጥያቄ ንባብ 22 አገኘሁ፣ ማዳመጥ 14። ለማለፍ 18 ያስፈልጋል። ስለዚህ ንባብን ወደ እሑድ ከሰዓት ገፋሁትና የሥራ ቀኖቹን በሙሉ ለሌሎቹ ሰጠሁ።

የእኔ ቀን ክፍት ቦታው ሁለት ነው። ከሌሊቱ 11 ሰዓት እስከ 12፣ እና የታክሲ ሰልፉ ከነመንገዱ። ሌሊቱ ለጽሑፍ፣ ታክሲው ለጆሮ። ማታ ከሥራ ስመለስ ምንም አላቀድኩም፤ የደከመ ሰው ዕቅድ ለይስሙላ ነው።

ማዳመጡ ላይ ልቆይ። ፈተናው ከአራቱ ክፍሎች ሁለቱን አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚያሰማችሁ። አሠራሬ እንዲህ ነበር፦ አንዱን ቅጂ ሳላቆም አዳምጬ እመልሳለሁ፤ ከዚያ ጽሑፉን አውጥቼ የሳትኩባቸውን ቦታዎች አሰምራለሁ፤ ከእያንዳንዱ ጎን «አላውቀውም» ወይም «አውቀዋለሁ፣ ግን አልሰማሁትም» ብዬ እጽፋለሁ። ሁለት ሳምንት ካለፈ በኋላ ስቆጥረው የሚበዛው ሁለተኛው ሆነ። ማለትም ተጨማሪ ቃል መሸምደድ ብዙ አያድነኝም።

ምክንያቱ በአብዛኛው የሚለያዩት ግሦች ነበሩ። «ኢሽ ሆረ» ማለት እሰማለሁ ነው። «ኢሽ ሆረ ኢም ማይ ሚት ደር አርባይት አውፍ» ግን በግንቦት ሥራ አቆማለሁ ማለት ነው። መጨረሻ ላይ ጣል የምትደረገው «አውፍ» ትርጉሙን ገለበጠችው፣ ያውም ተናጋሪው ድምፁን ዝቅ ሲያደርግ። ከዚያ በኋላ ታክሲ ውስጥ የዶይቸ ቬለን ዜና በዝግታ የሚነበበውን እየከፈትኩ የምጠብቀው የዓረፍተ ነገሩን ጭራ ብቻ ሆነ። ዜናው በመደበኛ ፍጥነትም ስለሚቀርብ፣ ከ5ኛው ሳምንት ጀምሮ ወደዚያ ዞርኩ። የዚያን ቅዳሜ ውጤት 16 ነበር፤ ገና ነው፣ ግን እየሄደ ነው።

ጽሑፉ ሦስት ነገር ይጠይቃል፦ ለወዳጅ 80 ቃል ያህል ኢሜይል፣ በአንድ ጉዳይ ላይ 80 ቃል አስተያየት፣ በአክብሮት የሚጻፍ 40 ቃል ኢሜይል። እዚህ አማርኛችን ያግዛል፣ በግማሽ። «ስለታመምኩ» ስንል ግሡ መጨረሻ ላይ ነው፤ ጀርመንኛውም «ቫይል ኢሽ ክራንክ ቢን» ይላል፣ «ቢን» መጨረሻ። እንግሊዝኛው ነው ጣልቃ ገብቶ «ቢን»ን ወደ መሃል የሚጎትታት። «ዛሬ አልመጣም» የሚለው ዋናው ሐሳብ ሲመጣ ግን አማርኛውን መተው ነው፣ ግሡ ሁለተኛ ቦታ ይቀመጣል፦ «ሆይተ ኮመ ኢሽ ኒሽት»። ሌሊት ሌሊት የምጽፈው ይህንኑ ጥንድ እየለዋወጥኩ ነበር። የራስን ጽሑፍ ግን ለራስ ማረም አይቻልም፤ ፈተናውን ያለፈች የሠፈር ልጅ በሳምንት ሁለት ኢሜይል በቴሌግራም ታርምልኝ ነበር። ቀይ ከሚበዛበት ይልቅ ከጥያቄው ነጥቦች አንዱ የተዘለለበት የበለጠ ነጥብ እንደሚያስቀንስ ያሳየችኝም እሷ ናት።

9ኛዋን ሳምንት ከመጀመሪያው ባዶ ትቻት ነበር። ሰኔ 30 የበጀት ዓመት መዝጊያ ነው፤ በዚያ ሳምንት ሒሳብ ክፍል ውስጥ ጀርመንኛ አጠናለሁ የሚል ሰው ሥራውን አያውቀውም። ታክሲው ላይ ያለው ማዳመጥ ብቻ ቀጠለ።

ብቻውን ለሚያጠና ሰው የሚከብደው መናገሩ ነው፣ ምክንያቱም ከሌላ ተፈታኝ ጋር አንድ ነገር አብሮ ማቀድን ይጠይቃል። ከ6ኛው ሳምንት ጀምሮ ከአንድ ተፈታኝ ጋር ማክሰኞና ሐሙስ ምሳ ሰዓት ላይ በስልክ «የጓደኛ ልደት እናዘጋጅ»፣ «ሆስፒታል ያለ ሰው እንጠይቅ» እያልን ተለማመድን። እሱ ጎበዝ ተናጋሪ ነው። እኔ ቀስ ብዬ ነው የምናገረው፣ ግን ጥያቄ እጠይቃለሁ፣ እሱም ነጥብ አለው።

በ10ኛውና በ11ኛው ሳምንት ቅዳሜዎች ሙሉ ፈተና ሠራሁ፤ ማዳመጥ 19፣ ከዚያ 20። በ12ኛው አዲስ ነገር አልነካሁም።

ሐምሌ መጨረሻ ላይ ተፈተንን። እኔ አራቱንም አለፍኩ፣ ማዳመጥ 63። የስልክ ጓደኛዬ በንግግር በልጦኝ ማዳመጥ ላይ 57 ቀረበት። እሱን ክፍል ብቻ ነው የሚደግመው። ያሰመርኩባቸውን ወረቀቶች ትናንት ወሰደ።