ለአንድ ተማሪያችን፦ ድርሰትህን ለምን መለስንልህ?



ስለ ነጃሺ የጻፍከውን የማጠቃለያ ድርሰት አንብበነዋል። «ፍትሐዊ ንጉሥ» የሚለውን ደጋግመህ ጽፈሃል፤ ፍትሑን ግን አላሳየኸንም። አንባቢን የሚያሳምነው የሙገሳ ብዛት ሳይሆን ድርጊት ነው።

ድርጊቱን ደግሞ ታውቀዋለህ፤ መጨረሻ ላይ በአንድ መስመር አልፈኸዋል። ቁረይሾች ዐምር ኢብኑል ዓስን ስጦታ አስይዘው ላኩ። ሹማምንቱም ስደተኞቹን አሳልፎ እንዲሰጥ መከሩት። ነጃሺ ግን ሳይሰማቸው አልፈረደም፤ ጃዕፈርን አዳመጠ፣ ስጦታውንም መለሰ።

ይህን ወደ መግቢያው አምጣው። ከዚያ እያንዳንዱን አንቀጽ «ይህ ፍትሑን ያሳያል ወይ?» ብለህ መርምር። ስለ አክሱም ሐውልቶች የጻፍከው አያሳይምና ይውጣ። ኢንሻአላህ ከጁሙዓ በኋላ እርማቱን አብረን እናየዋለን።