ባለ ሲዲውን ላክልኝ

ይድረስ ለወንድሜ፣ አሜሪካ፤

ባለፈው ስትደውል «ለትንሹ ምን ልላክለት?» ብለኸኝ «የፈቀድከውን» ያልኩህ አፍሬ ነው። የሚፈልገውማ ፕሌይስቴሽን ነው። ከመጠየቄ በፊት ግን አንድ የዋሸሁህን ነገር ልንገርህ።

በሚሊኒየሙ ዓመት ለትልቁ የላክኸውን ፕሌይስቴሽን 2 ልጁ አንድ ቀን እንኳ አልተጫወተበትም። ከካርቶኑ አውጥተን እንደሰካነው ጧ አለና ቤቱን የተቃጠለ ሽታ ሞላው። ለካ ጀርባው ላይ 120 ቮልት ይል ኖሯል፤ የእኛ መብራት 220 ነው። ልጁ አልቅሶ ተኛ። አንተ ስትደውል ግን «ይኸው እየተጫወተ ነው» አልኩህ። ሁለት ሥራ እየሠራህ የገዛኸውን «ተቃጠለ» ማለት አቃተኝ።

አሁን ትልቁ ሞባይል ጠጋኝ ሆኗል፤ ይህን የሚያስጽፈኝ እሱ ነው። ፕሌይስቴሽን 4፣ ስሊም የሚባለውን ቀጭኑን ፈልግ ይልሃል። ያገለገለም ይሁን። የሞዴል ቁጥሩ CUH-2 ብሎ ይጀምራል። እዚያው ጽሑፉ ላይ 100-240V የሚል መኖሩን እይልኝ፤ ካለ የእኛን መብራት ይችላል። ገመዱ አያስጨንቅህ፣ የእኛን ሶኬት የሚገባውን እዚህ እንገዛለን።

ደግሞ ረከሰ ብለህ ዲጂታል የሚሉትን 5 እንዳትገዛ፣ አደራ! እሱ ሲዲ አይጎርስም። ጌሙ የሚገዛው በኢንተርኔት ነው፣ ያውም በውጭ አገር ካርድ። አንዱ ጌም ብቻ 50 ጊጋ ሊያልፍ ይችላል፤ እኛ ደግሞ በሞባይል ዳታ ነው የምንኖረው። ባለ ሲዲው ከሆነ ግን የኮንዶሚኒየሙ ልጆች ይዋዋሳሉ፤ አንዱ ኳሱን፣ ሌላው የመኪናውን። ያላቸውም የ4 ሲዲ ነው። ከአሜሪካ የተገዛው 4 እዚህ ያለውን ሲዲ ያነባል፤ የ5ቱን ሲዲ ግን 4ቱ አያነብም።

ያገለገለ ከገዛህ ሻጩ ፊት ሲዲ አስገባና ጌሙ እስኪከፈት ጠብቅ። መጉረሱ ብቻ አይበቃም። ማንበቢያው ያረጀ እንደሆነ ይጎርስና መልሶ ይተፋዋል፣ ወይ ዝም ይላል።

ለምን እንዲህ እንደምጨነቅ ታውቃለህ? ልጁ ከትምህርት ቤት ሲወጣ ጌም ቤት ይገባል። የሚከፈለው በጨዋታ ነው፤ የተሸነፈ «አንዴ ብቻ» እያለ የምሳውን ሳንቲም ይጨርሳል። ሲመሽ ባቡር ጣቢያው ድረስ ወጥቼ እፈልገዋለሁ። ከነጓደኞቹ ሳሎኔ ውስጥ ቢጮህ ይሻለኛል።

ካልተመቸህ ተወው፤ አልቀየምም። ከላክኸው ግን ቢሠራም ባይሠራም ዘንድሮ እውነቱን ነው የምነግርህ።

እህትህ፣
ከልደታ