ባለ 10 ሴንቲ ሜትሩ ካሬ

ታኅሣሥ 24

ብርድ። ጠዋት ጣት አይታዘዝም። እህቴ ከሜሪላንድ የላከችው የጃኬት ፓተርን ደርሶ ሰፈር ፎቶ ኮፒ ቤት አሳተምኩት።

ወረቀቶቹን ዘርግቼ ሳጣብቅ መስመሩ ከመስመሩ ልክ ገጠመ። ደስ አለኝ። ደረቱን በሜትር ስለካው ግን 97 ተኩል እንኳ አልሞላም። ንድፉ ላይ የተጻፈው 104 ነው።

ለካ መግጠም ምንም አያረጋግጥም። ሁሉም ገጽ እኩል ካነሰ እርስ በርሱ መግጠሙ አይቀርም። የሚያጋልጠው የመጀመሪያው ገጽ ላይ ያለው መለኪያ ካሬ ነው። 10 ሴንቲ መሆን ነበረበት፤ 9.4 ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል። በቁመትም በወርድም ያው። ስለዚህ የተጣመመ ነገር የለም፣ ሁሉም በአንድ ልክ አንሷል።

ጎኑ ላይ ጨርቅ ብጨምርስ? አይሆንም። ብብቱም፣ አንገቱም፣ እጅጌውም አንሰዋል።

ታኅሣሥ 25

ሌሊት እህቴ ደወለች። እነሱ ዘንድ ወረቀቱ ሌተር ነው፤ 216 በ279 ሚሊ ሜትር። የኛው ኤ4 210 በ297። የኛ ጠበብ ብሎ ይረዝማል። ፎቶ ኮፒ ቤት ሄጄ ፋይሉን አስከፈትኩና `Ctrl+D` ሲጫን እውነትም `8.50 x 11.00 in` ይላል።

ልጁ የማተሚያውን መስኮት አሳየኝ። `Fit` ላይ ነው ያለው። ያ ማለት ገጹን ከነነጭ ጠርዙ፣ ፕሪንተሩ ሊደርስበት በሚችለው ቦታ ውስጥ ጨምቆ ያስገባዋል። የእሱ ፕሪንተር በየጠርዙ 4 ሚሊ ሜትር ያህል ባዶ ይተዋል። ከ210 ላይ 8 ሲቀነስ 202። 202 ለ216 ሲካፈል 0.935። የካሬዬ ቁጥር! ከትናንት ጀምሮ ደረቴ ላይ የተቀመጠው ነገር ቀለል አለ።

«እትዬ፣ 107 ፐርሰንት ላድርገውና እናካክሰው?» አለኝ። በቅን ልቦና ነው። ግን `Custom Scale` ላይ የሚጻፈው ፐርሰንት የሚሰላው ከዋናው ፋይል እንጂ ካነሰው ህትመት አይደለም። ካሬው 10.7 ይሆናል። የሚፈለገው 100 ነው፣ ሌላ ምንም።

መብራት ሄደ። ሳይታተም ቀረ።

ታኅሣሥ 27

ነፋስ፣ አቧራ። ካሬው ያለበትን ገጽ ብቻ እንዲያትም ለልጁ ነገርኩት፤ ወረቀት ለምን ይባክናል። `Fit` ወደ `Actual size` ተቀየረ።

9.7።

ግራ ገባኝ። ማስመሪያዬንም ጠረጠርኩ። ግን ቁጥሩ ያው የድሮው አይደለም፤ ይህ ራሱ አንድ ነገር ይናገራል። 210 ለ216፣ 0.972። እዚህ ላይ የፕሪንተሩ ባዶ ጠርዝ አልገባበትም፤ የሁለቱ ወረቀቶች ስፋት ብቻ ነው። ስለዚህ አሁንም የሚያሳንስ ሌላ እጅ አለ።

ተገኘ። እዚያው መስኮት ላይ `Properties` ሲነካ የፕሪንተሩ የራሱ ቅንብር ይከፈታል። ወረቀቱ ሌተር ተብሎ፣ ከዚያ ወደ ኤ4 አሳንሶ እንዲያወጣ ተደርጎ ኖሯል። ማን እንዳደረገው ልጁም አያውቅም። ማሳነሱን አጠፋው፣ ወረቀቱን ኤ4 አለው። ካሬው 10 ሙሉ። በሁለቱም በኩል።

ስጋት ቀረኝ፤ በሙሉ ልኩ ከወጣ ጎኑ አይቆረጥም? ሌተር በ6 ሚሊ ይሰፋል፤ መሃል ላይ ሲቀመጥ በየጎኑ 3 ይወጣል። ፕሪንተሩ የማይደርስበት 4 ሲጨመር ከገጿ በየጎኑ 7 ሚሊ ይጠፋል ማለት ነው። የእህቴ መስመር የሚጀምረው ከጠርዙ ግማሽ ኢንች ገብቶ ነው፣ 12.7 ሚሊ። ተረፈ። 5 ሚሊ ላይ ጀምራ ቢሆን ኖሮ መስመሩ ይጠፋ ነበር። የሚጣበቀውም በወረቀቱ ጫፍ ሳይሆን በመስመሩ ላይ ነው፤ ጫፉ የእሷ ገጽ ጫፍ አይደለምና።

ታኅሣሥ 29

ቀሪው ሁሉ ታተመ። ልጁ ሌላው ኮምፒውተር ላይ ፋይሉን በክሮም ሊከፍተው ሲል አስቆምኩት። እዚያም ማሳነሻው ለብቻው አለ፤ እንደገና ካሬ ማተምና መለካት ሊኖርብን ነው።

እህቴን በኤ4 እንደገና እንድትልከው ጠየቅኳት። እዚያ ያሉት ደንበኞቿ ይቸገራሉ አለች። እውነቷን ነው። መስመሩ ከጠርዙ ግማሽ ኢንች ገብቶ ስለሚጀምር እንዳለም ለሁለቱም ወረቀት ይበቃል፣ ምንም ሳይቆረጥ። `Actual size` ግን ለሁላችንም ግዴታ ነው።

ታኅሣሥ 30

ቡና ሳይፈላ ተነሳሁ። መጀመሪያ በአቡጀዲ ቆረጥኩት። ደረቱ 104። ብብቱ ጥሩ ተቀመጠ።

እጅጌው ግን ረዘመብኝ፤ ሁለት ሴንቲ ያህል። ከህትመቱ ይሆን? አይመስለኝም። ህትመቱ ቢያጠፋ ደረቱንም አብሮ ባጠፋ፣ ካሬውም 10 ባልሆነ። ከንድፉ ሳይሆን አይቀርም፤ ወይም የደንበኛዬ ክንድ አጭር ነው። ማታ እህቴ ስትደውል እጠይቃታለሁ።