በዶላር የሚበላው ሰውዬ

ዛሬ ጠዋት ባለቤቴ የልጆቹን ትምህርት ቤት የክፍያ ጭማሪ ደብዳቤ ፎቶ አንስታ ላከችልኝ። ከሥሩ «አንተ ምን አለብህ፣ በዶላር ነው የምትበላው» ብላለች። እየቀለደች ነው። ይመስለኛል።

ለመቶኛ ጊዜ ልናገር፦ ያለሁት ናይሮቢ ነው፣ ዶላር በዓይኔም አላይም። ከደሞዜ 46,000 ብር አዲስ አበባ ይገባል፤ የቀረው እዚህ በሽልንግ ይከፈለኛል። ሁለቱም ውሉ ላይ በቁጥር የተቆረጡ ስለሆኑ ምንዛሪው ቢወጣም ቢወርድም ንቅንቅ አይሉም።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብር ለገበያ ሲለቀቅ እንዴት እንደሆንኩ ታስታውሳላችሁ። ኤክሴሌ ሁሉንም ወደ ሽልንግ ቀይሮ ነበር የሚደምረው። ሽልንግ 44 ሳንቲም ገደማ እያለ የብር ደሞዜ 104,000 ሽልንግ ያህል ይሆን ነበር፤ ነሐሴ ላይ ወደ 57,000 ወረደ። እንቅልፍ አጣሁ። ቆይቶ ነው የገባኝ፦ ከዚያ ብር አንዲት ሳንቲም ናይሮቢ መጥታ አታውቅም! አዲስ አበባ ገብቶ አዲስ አበባ ያልቃል። ምንዛሪ የሚነካብኝ ድንበር የምትሻገረዋን ብቻ ነው፤ እሷም ከዚህ ወደዚያ የምልካት ሽልንግ ናት። ያቺ ደግሞ ወድቃ ሳይሆን ከብራ ነው ያደረችው። በማግስቱ ሠንጠረዡን ለሁለት ከፈልኩት፤ የብር ለብቻ፣ የሽልንግ ለብቻ፣ መሀል ላይ «ሐዋላ» የምትል አንዲት መስመር።

ድንበር ሲነሳ አከራዬ ትዝ አለኝ። ጥር 2016 ዶላር 160 ሽልንግ ሲገባ «ኪራዩን በዶላር አስበህ ክፈል» አለኝ። በወሩ የኬንያ መንግሥት አዲስ ቦንድ ሸጠ፣ ሽልንግ አገገመ፣ ዶላር ወደ 130 ወረደ። ሰውየው በሩን አንኳኩቶ «ወንድሜ፣ አገሩ ኬንያ ነው፣ በሽልንግ እንተሳሰብ» አይለኝም መሰላችሁ? በየትኛው ሽልንግ? በ160ው! ምንዛሪ ገብቶት የሚኖር ሰው ያየሁት እሱን ብቻ ነው።

እኔማ ምን ሠራሁ? ብር ሲወድቅ ቤት የሚያስፈልገውን ያንኑ ብር መላኩን ቀጠልኩ፤ የሚሻገረው ሽልንግ በግማሽ ሊቀንስ ጥቂት ነው የቀረው። ትርፉን ማስቀመጥ ሲገባኝ በረንዳ ያለው ቤት ተከራየሁበት። የአዲስ አበባ ዋጋ ግን እንደ ምንዛሪው በአንድ ሌሊት አይዘልም፤ ዘይቱ ዛሬ፣ ትራንስፖርቱ ነገ፣ ትምህርት ቤቱ በዓመቱ እያለ ይደርሳል። ትርፍ ያልኩት ለካ የዚህ ደብዳቤ ቀብድ ነበር።

የቤቱ ወጪ አሁን 58,000 ብር ደርሷል፤ 12,000 ይጎድለዋል። በድሮው ምንዛሪ ይህን ለመሙላት 27,000 ሽልንግ ያስፈልገኝ ነበር፤ ዛሬ 12,000ም አይፈጅም። አለኝ? የለኝም፣ በረንዳዬ ላይ ተቀምጬ ነው የምጽፍላችሁ።

ክፍያው እስከ ዓርብ ነው። ናይሮቢ ያላችሁ፣ በረንዳ የሌለው ባለ አንድ መኝታ የምታውቁ በውስጥ አውሩኝ።