የሦስት ሰዓት ገለጻ በአሥር ደቂቃ

ጋዜጠኝነቱ ብቻውን የሳሪስ አቦን የቤት ኪራይ አይከፍልም። ስለዚህ የጎን ሥራ አለኝ። መሐንዲሶች ወይም የባንክ ሰዎች ሁለትና ሦስት ሰዓት የሚወስድ ገለጻ ሲያቀርቡ ተቀምጬ አዳምጣለሁ። ገለጻው ባለቀ በአሥር ደቂቃ ውስጥ አንድ ገጽ የማይሞላ ማጠቃለያ፣ ስላይዶቹን አባሪ አድርጌ፣ መምጣት ላልቻሉ ኃላፊዎች እልካለሁ። «በአሥር ደቂቃ እንዴት ይጻፋል?» የሚሉኝ ብዙ ናቸው። አይጻፍም! የሚጻፈው ሰውየው እየተናገረ ነው፤ አሥሩ ደቂቃ ለመቁረጥ ነው።

ወረቀቴን ለሁለት እከፍላለሁ። በግራ የስላይዱን ቁጥር፣ በቀኝ ስላይዱ ላይ የሌለውን ንግግር ብቻ። ስላይዱ ላይ ያለውን መገልበጥ ከንቱ ድካም ነው፤ በአባሪው ይሄዳል። የሚጠፋው ተናጋሪው በአፉ ጣል አድርጎት የሚያልፈው ነው፦ «ይህ እንግዲህ ዝናቡ እንዳምናው ከሆነ ነው»፣ «ይህን ገና አልለካነውም»። ከሁሉም በላይ በጥያቄና መልሱ ሰዓት እርሳሴን አላስቀምጥም። ሁለት ሰዓት ሙሉ የተገነባ ድምዳሜ በአንድ ጥያቄ ሲሸረሸር አይቻለሁ፤ ያ መልስ ደግሞ የትኛውም ስላይድ ላይ አይገኝም።

ርዕስ ብቻ አንብቦ ማጠቃለል ምን እንደሚያመጣ ለማወቅ የኮሎምቢያን መንኮራኩር ታሪክ ማየት ይበቃል። እ.ኤ.አ. በጥር 2003 መንኮራኩሯ ስትነሳ የተገነጠለ የአረፋ ቁራጭ ክንፏን መታት። ገና በጠፈር ላይ ሳለች የቦይንግ መሐንዲሶች ለናሳ ስላይድ አቀረቡ። የአንዱ ስላይድ ርዕስ የሙከራው ውጤት የሚያረጋጋ እንደሆነ የሚያስመስል ነበር። እታች፣ በመጨረሻው መስመር፣ በትንንሽ ፊደል ግን የቁራጩ መጠን 1920 ኩቢክ ኢንች፣ ሙከራ የተደረገበት ደግሞ 3 ኩቢክ ኢንች መሆኑ ተጽፏል። 640 እጥፍ ነው። በእኛ መለኪያ አንዱ 31 ሊትር ገደማ፣ ሌላው የቡና ሲኒ የማይሞላ። መንኮራኩሯ ስትመለስ ተበታተነች፤ ሰባት ሰዎች ሞቱ። ኤድዋርድ ተፍቲ ይህን ስላይድ መስመር በመስመር ተንትኖታል፤ የአደጋው መርማሪ ቦርድም ትንታኔውን በሪፖርቱ አካቶታል። እኔ ከዚህ የወሰድኩት ልማድ አንድ ነው፦ ስላይድን ከታች ወደ ላይ ማንበብ።

ሁለተኛው ፍተሻዬ ፐርሰንት ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የምንዛሪ ለውጡ የታወጀ ዕለት በንግድ ባንክ አንድ ዶላር ከ57.48 ወደ 74.73 ብር ዘለለ። ብዙ ዘገባ «ብር 30 በመቶ ወደቀ» አለ። ዶላሩ በብር ሲለካ በእርግጥ 30 በመቶ ተወድዷል። ብሩ ግን በዶላር ሲለካ የወደቀው 23 በመቶ ነው፤ 57.48ን ለ74.73 አካፍሉት፣ 0.77 ይመጣል። ሁለቱም ቁጥር ትክክል ነው፤ ስህተቱ የአንዱን ቁጥር ለሌላው ዓረፍተ ነገር መስጠት ነው። በችኮላ የሚጻፍ ማጠቃለያ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው እዚህ ነው። ስለዚህ ፐርሰንት ባየሁ ቁጥር «ከምን ላይ?» ብዬ ሁለቱን ጥሬ ቁጥሮች አብሬ እጽፋለሁ፤ ከጎኑም «ስላይድ 14» ብዬ። የተጠራጠረ ከፍቶ ያመሳክር።

አባሪውም የራሱ ጣጣ አለው። ቴሌግራም ላይ ማጠቃለያውን ለብቻ፣ ስላይዱን ለብቻ ብትልኩ፣ ሰው ወደ ሌላ ግሩፕ ሲያሻግር አንዱን ይወስድና ሌላውን ይተዋል። ከዚያ ያ «ስላይድ 14» ትርጉም የለውም። ማጠቃለያው ከፋይሉ ሥር እንደ መግለጫ ከተጻፈ ግን አብረው ይጓዛሉ። ቦታው ለተራ ተጠቃሚ 1024 ፊደል ብቻ ነው፤ ጥበቱን መጀመሪያ ጠልቼው ነበር፣ አሁን ወድጄዋለሁ።

ፋይሉ ሁሌም ፒዲኤፍ ይሁን። በድሮ የግዕዝ ፎንት የተሠራ ስላይድ ፎንቱ በሌለበት ስልክ ሲከፈት አማርኛው የላቲን ፊደል ዝብርቅርቅ ይሆናል። በዚያ ላይ የፓወር ፖይንቱ ፋይል ተናጋሪው ለራሱ የጻፈውን ማስታወሻ ይዞ ሊወጣ ይችላል፤ ያንን ደግሞ ማንም እንዲያይ አልፈለገም።

ፋይሉን ከአዳራሹ ሳልወጣ እቀበላለሁ። «ማታ አስተካክዬ እልክልሃለሁ» የሚለኝ አይጠፋም፤ እሺ፣ የተስተካከለውንም ይላክ፣ እኔ ግን የቀረበውን ነው የምፈልገው። በተስተካከለው ውስጥ ሁለት ስላይድ ተጨምሮ 14ኛው 16ኛ ይሆናል፣ አንዳንዴም ጥያቄ የተነሳበት ስላይድ ራሱ የለም። ስለዚህ ከመላኬ በፊት ፒዲኤፉን ከፍቼ 14ኛውን ገጽ አያለሁ። ቁጥሩ ከገጠመ እልከዋለሁ።