«ቁም» እና «አቁም»

መርካቶ ውስጥ ሕንፃ በሚሠራበት ቦታ ሰው ጮሆ ክሬን ለማዘዝ ቢሞክር ድምፁ በተሸካሚው፣ በሻጩና በመኪናው ጥሩምባ ይዋጣል። ለዚህ ነው መሬት ላይ የቆመ ምልክት ሰጪ በእጁ የሚናገረው። እዚያው አካባቢ ባለችው ትንሽ ቢሮዬ ሰሞኑን የሠራሁት ሥራም ይህንኑ የእጅ ቋንቋ የሚያስተምር ቪዲዮ ላይ የአማርኛ የግርጌ ጽሑፍ ማስገባት ነበር።

የተሰጠኝ ቦታ ጠባብ ነው። በአንድ ጊዜ ሁለት መስመር፣ በመስመር ከ32 ፊደል ያልበለጠ፤ አንዱ ምልክት ስክሪኑ ላይ የሚቆየውም 3 ሰከንድ ያህል ነው። የመጀመሪያውን ምልክት እንዳለ ስተረጉመው እንዲህ ሆነ፦ «ክንድህን ወደ ጎን ዘርግተህ፣ ጣቶችህን ጨብጠህ፣ አውራ ጣትህን ወደ ታች ስታመለክት ኦፕሬተሩ ቡሙን ዝቅ ያደርጋል»። ከነክፍተቱ 71 ነው፤ 64ቱን ያልፋል። ከዚህም በላይ በአማርኛ ግሡ መጨረሻ ስለሚመጣ፣ አንባቢው ክሬኑ ምን እንደሚያደርግ ሳይደርስበት እጁ ከስክሪኑ ይጠፋል።

መቀነስ የነበረበት የእጁ መግለጫ ነው፤ እሱን ምስሉ ራሱ ያሳያል። ጽሑፉ መናገር ያለበት ክሬኑ የሚያደርገውን ብቻ ነው። ያን ጊዜ «ዝቅ አድርግ» የሚለው አጭር ቃል ዓይኔ ውስጥ ገባ። ነገር ግን ምን ይሆን ዝቅ የሚለው?

ክንድ ወደ ታች ተዘርግቶ ጠቋሚ ጣት ክብ ሲሠራ መንጠቆው ቀጥ ብሎ ይወርዳል። አውራ ጣት ወደ ታች ሲያመለክት ግን የሚወርደው ቡሙ፣ ማለትም ረጅሙ የክሬኑ ክንድ ነው። ቡሙ ሲወርድ ጭነቱ ከክሬኑ እየራቀ ይሄዳል። በራቀ ቁጥር ክሬኑ መሸከም የሚችለው ክብደት ይቀንሳል፤ ከልኩ ካለፈም ክሬኑ ሊገለበጥ ይችላል። ስለዚህ «መንጠቆውን አውርድ» እና «ቡሙን አውርድ» ብዬ ለየኋቸው። ቡም ያልኩትም «ክንድ» ብል ሠልጣኙ የራሱን ክንድ እንዳይመስለው ነው።

ከሁሉ በላይ ያሰበኝ ግን አጭሩ ቃል ነው። ክንድ ተዘርግቶ፣ መዳፍ ወደ መሬት ዞሮ ወዲያና ወዲህ ሲወዛወዝ ሥራው ይቆማል። «ቁም» ሁለት ፊደል ነው፤ ግን ለሰውም ይነገራል፣ «ባለህበት ቁም» ማለትም ይሆናል። ከተንጠለጠለ ጭነት ሥር ያለ ሰው እንዲሰማው የምትፈልጉት የመጨረሻው ቃል ይህ ነው። ለክሬን ነጂው «አቁም»፣ ከጭነቱ ሥር ላለው «ራቅ» አልኩ። አንድ ፊደል ብቻ ጨመርኩ።

ቀሪው ቦታ ለሌላ ነገር ዋለ። ሌሎቹን ምልክቶች የሚሰጠው የተመደበው ሰው ብቻ ነው፤ ይህኛውን ግን አደጋ ያየ ማንኛውም ሠራተኛ መስጠት ይችላል፣ ነጂውም መታዘዝ አለበት። በሁለተኛው መስመር የጻፍኩት ይኸው ነው፦ «ማንም ሊሰጠው ይችላል»።